ትክክል የመሰለው 4.1 ዲግሪ፦ በድሬዳዋ አንድ የወተት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የገጠመን የኤስፒአይ ጉዳይ

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የግመል ወተት ተቀብለው እያቀዘቀዙ የሚያከፋፍሉ እናት አሉ። ወተቱ ጠዋት ከገጠር ይመጣል፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይገባል፣ ከዚያ በ4 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። መብራት በሄደ ቁጥር ክፍሉ ምን ያህል እንደሚሞቅ ማወቅ ስለፈለጉ የሙቀት መዝጋቢ ሳጥን እንድንሠራላቸው ጠየቁን። እኔና አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሥራውን ቀላል ነው ብለን ተቀበልን። ሳጥኑ ግን ሁለት ጊዜ አሳሳተን። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ስለነበር ነው ይህን የምጽፈው።

ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው። በ3.3 ቮልት የሚሠራ ባለ ኤቲሜጋ328ፒ ትንሽ የአርዱዊኖ ቦርድ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ፒቲ100 የሙቀት መለኪያ፣ መለኪያውን የሚያነብ ማክስ31865 ቺፕ፣ መረጃው የሚጻፍበት ኤስዲ ካርድ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ። ቺፑና ካርዱ ከቦርዱ ጋር የሚገናኙት በአንድ የኤስፒአይ መስመር ነው። የክሎክ ሽቦው፣ ከቦርዱ የሚወጣው የመረጃ ሽቦ (ሞሲ) እና ወደ ቦርዱ የሚመለሰው (ሚሶ) የጋራ ናቸው። ለየብቻቸው ያላቸው አራተኛው ሽቦ፣ ማለትም ቺፕ ሴሌክት ወይም በአጭሩ ሲኤስ፣ ብቻ ነው። ሲኤሱ ዝቅ ያለለት ይሰማል፣ ከፍ ያለበት ዝም ይላል።

ችግራችንን ለመረዳት ስለ ሞድ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ኤስፒአይ በ1980ዎቹ ሞቶሮላ ያመጣው አሠራር ነው። ሁሉም አምራች የሚገዛበት አንድ ደንብ ስላልወጣለት እያንዳንዱ ቺፕ የራሱን ልማድ ይዞ ይመጣል። ልማዱ የሚለያየው በሁለት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ፖላሪቲ ነው፦ ክሎኩ ሥራ ሲፈታ ዝቅ ብሎ ይጠብቃል ወይስ ከፍ ብሎ? ሁለተኛው ፌዝ ነው፦ ቢቱ የሚነበበው ክሎኩ ከእረፍቱ ሲነሣ በመጀመሪያው ጠርዝ ነው ወይስ ወደ እረፍቱ ሲመለስ በሁለተኛው? ሁለቱ ጥያቄዎች አራት ሞድ ይሰጣሉ። ሞድ 0 ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ በመጀመሪያው ጠርዝ ያነባል። ሞድ 1 ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ በሁለተኛው ያነባል። ሞድ 2 እና 3 እንደነሱ ሆነው ከፍ ብለው ያርፋሉ። ከጠርዞቹ በአንዱ ላኪው አዲስ ቢት ያስቀምጣል፣ በሌላው ተቀባዩ ያነሣል። በሞድ ያልተስማሙ ሁለት ወገኖች አንዱ ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ገና እያስቀመጠ ይገናኛሉ።

ኤስዲ ካርዱን በሞድ 0 ነው የምናናግረው። ማክስ31865 ግን ሞድ 1 እና 3 ብቻ ነው የሚቀበለው። ሳጥኑ ውስጥ የተኛው ችግር ይኸው ነበር።

መጀመሪያ፦ ከዜሮ በታች 123

ከዚራ ባለው የሥራ ክፍላችን ቺፑን ለብቻው ስንሞክረው በትክክል አነበበ። ካርዱም ለብቻው ጻፈ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናደርጋቸው የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር 4 ዲግሪ አለ (መለኪያውን የወተት ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርገነው ነበር)፣ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ግን ሁሉም ከዜሮ በታች 123 አካባቢ ሆነ። ልጁ መጀመሪያ የጠረጠረው የመለኪያውን ሽቦ ነው። ሽቦ ቢላላ ግን ቁጥሩ ይዘላል። የእኛ ቁጥር አልዘለለም፣ በአንድ ስሕተት ላይ ጸንቶ ቆመ።

በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ዲግሪውን ትቶ ጥሬውን ቁጥር ማየት ይሻላል። ከዚያም በላይ የሚሻለው እኛው ራሳችን የጻፍነውን ሬጅስተር መልሶ ማንበብ ነው፣ ምክንያቱም መልሱን አስቀድመን እናውቀዋለን። በማስተካከያው ሬጅስተር ላይ የጻፍነው `0xD1` ነበር፦ መለኪያው ኃይል ያግኝ፣ ያለማቋረጥ ይለካ፣ ሦስት ሽቦ ነው፣ የ50 ኸርዝ ማጣሪያ ይሥራ (የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው)። መልሰን ስናነበው `0x68` መጣ። ሁለቱን በቢት ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ነገሩ ተገለጠ።

```
0xD1 = 1101 0001
0x68 = 0110 1000
```

ሁሉም ቢቶች አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ተገፍተዋል። በፊት በኩል የተከፈተው ቦታ በዜሮ ተሞልቷል፣ የመጨረሻው ቢት ወድቋል። የሙቀቱም ቁጥር የሆነው ይኸው ነው። በ4 ዲግሪ ፒቲ100 ወደ 101.56 ኦም ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ማነጻጸሪያ 430 ኦም ስለሆነ ጥሬው ቁጥር 7740 ይወጣል። አንድ ቢት ሲገፋ 3870 ይሆናል፣ ይህም 50.8 ኦም ያህል ነው፤ ፒቲ100 ደግሞ 50.8 ኦም የሚሆነው ከዜሮ በታች 123 አካባቢ ነው።

ቢት ወደ ቀኝ ሲገፋ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አንባቢው አንድ ጠርዝ ቀድሟል። በሞድ 0 ቦርዱ የሚያነበው ክሎኩ ሲነሣ ነው። ማክስ31865 ደግሞ ቢቱን የሚያስቀምጠው በዚያው ጠርዝ ነው፣ ያውም ከትንሽ መዘግየት በኋላ። ስለዚህ ቦርዱ ሁልጊዜ የሚያገኘው ያለፈውን ቢት ነው። እኛ ጋ ሚሶ ሽቦ ላይ ወደ ላይ የሚስብ ሬዚስተር አልነበረም፣ መስመሩ ዝቅ ብሎ ስለነበር ባዶው ቦታ ዜሮ ሆነ። ሬዚስተር ቢኖር ኖሮ በዚያ ቦታ 1 ሊገባና `0xE8` ልናነብ እንችል ነበር። ያኔ ቁጥሩ ግማሽ ስለማይሆን ማስተዋሉ ይከብዳል፣ የሚመለከቱት ቀሪዎቹን ሰባት ቢቶች ነው።

ቺፑ የላክንለትን አድራሻ በትክክል መስማቱ ሊያስገርም ይገባል። በተሳሳተ ሞድ አድራሻውም ሊበላሽ የሚችል ነገር ነው። በሞድ 0 ቦርዱ ሞሲን የሚቀይረው ክሎኩ ሲወድቅ ነው፣ ቺፑም የሚያነበው በዚያው ቅጽበት ነው። ቺፑ አሮጌውን ቢት ለመያዝ የቀረው ጊዜ ጥቂት አሥር ናኖሰከንድ ብቻ ነበር፣ ያም ለእኛ በቃ። ሽቦው ቢረዝም ወይም ሌላ ቦርድ ቢሆን ላይበቃ ይችላል።

ለምን የመጀመሪያው መስመር ትክክል ሆነ? ልጁ ሞዱን በማስጀመሪያው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የመረጠው፣ `SPI.setDataMode(SPI_MODE1)` ብሎ። ያ እስከ መጀመሪያው ንባብ ሠራ። ከዚያ መስመሩን ካርዱ ላይ ለመጻፍ ስንሄድ የካርዱ ላይብረሪ በ`SPI.beginTransaction` የራሱን ሞድ 0 አስገባ። በኤቲሜጋ ቦርዶች ላይ `SPI.endTransaction` የቀድሞውን ሞድ አይመልስም። ካርዱ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ሞዱን እንደ ራሱ አድርጎ ትቶት ሄደ። መስመሩ የጋራ እስከሆነ ድረስ ሞድ የማንም ቋሚ ንብረት አይደለም፣ እያንዳንዱ ሲገባ የራሱን ማንሣት አለበት።

ሁለተኛ፦ የማይንቀሳቀስ 4.1

ልጁ እርማቱን በዚያው ምሽት ሠራ። እያንዳንዱን ንባብ በ`beginTransaction` ጀመረ፣ ቺፑ ሁለቱንም ስለሚቀበል ሞድ 3ን መረጠ። አምስት ጊዜ አንብቦ የመጀመሪያውን እንዲጥል፣ የቀሩትን አራት እንዲያማክል አደረገ። የመጀመሪያውን ለምን እንደሚጥል ስጠይቀው «ካርዱ ከጻፈ በኋላ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚመጣው፣ ቀሪዎቹ ግን ደኅና ናቸው» አለኝ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ዜሮ የሚመጣበት ምክንያት ሳይታወቅ ዜሮውን የሚጥል መስመር መጻፍ የችግሩን ምስክር ከፍርድ ቤት ማስወጣት ነው። እኔ ግን መዝገቡ ላይ 4.1 ሲመጣ ሳይ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ሳጥኑን ገጠምን። ከሰባት ቀን በኋላ ባለቤቷ ደወሉ። ትላንት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ እስከ አሥር ሰዓት አልተመለሰም። «ልጄ፣ ይህ ሳጥን ተኝቷል እንዴ? ወተቱ እጄ ላይ ለብ ብሏል፣ እሱ አራት ነጥብ አንድ ይላል» አሉኝ። የራሳቸው የመስታወት ቴርሞሜትር 11 ያሳይ ነበር።

«እማማ፣ ጥፋቱ የሳጥኑ ነው፣ ዛሬ እንመጣለን» አልኳቸው።

ካርዱን አውጥተን ስናየው የሰባት ቀኑ መዝገብ በሙሉ 4.1 ነው። ዲግሪው ብቻ ሳይሆን ጥሬው ቁጥርም በሁሉም መስመር 7743 ነበር። ቀድሞ ማየት የነበረብኝ ይህንን ነው። በዚህ አሠራር አንድ የጥሬ ቁጥር እርምጃ 0.03 ዲግሪ ያህል ነው። ሕያው መለኪያ፣ ክፍሉ ፍጹም ጸጥ ቢል እንኳ፣ በአንድ ሁለት እርምጃ ይንቀጠቀጣል። ኮምፕረሰሩ በተነሣና በቆመ ቁጥርም ክፍሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ለሰባት ቀን በአንድ ቁጥር የቆመ ንባብ እየተለካ አይደለም።

መለኪያውን በእጃችን ጨብጠን ያዝነው፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ማስተካከያውን ሬጅስተር መልሰን ስናነብ `0xD1` መሆን ሲገባው `0x80` አገኘን። ይህ የተገፋ ቢት አይደለም፣ ሌላ ቁጥር ነው። `0x80` ማለት ኃይል ብቻ ይኑር፣ ያለማቋረጥ መለካቱ ይቁም ማለት ነው። ቺፑ ሲታዘዝ መለካቱን አቁሟል፣ የመጨረሻውን ውጤት ይዞ ለጠየቀው ሁሉ ያንኑ ይሰጣል። አዲስ ልኬት ሲደርስ ዝቅ የሚለው የቺፑ እግርም ከፍ እንዳለ ቀርቶ ነበር። ግን ማን አዘዘው? በፕሮግራማችን ውስጥ `0x80`ን ወደዚያ ሬጅስተር የሚጽፍ ምንም የለም።

በዩኤስቢ የሚሠራውን ባለ ስምንት መስመር ሎጂክ አናላይዘር አያያዝነው። እዚህም አንድ ወጥመድ ነበር። ዲኮደሩን በሞድ 3 አድርገን ስናየው የላክነው ባይት ንጹሕ ሆኖ ታየ፦ `01 00 00`፣ የሙቀቱን ሬጅስተር አንብብ ማለት ነው። ዲኮደር የሚያነብልን እኛ በነገርነው ሞድ ነው። ቺፑ ምን እንደሰማ አይነግረንም። ስለዚህ ዲኮደሩን አጥፍተን የሲኤስንና የክሎክን ጥሬ መስመር ብቻ አጉልተን ተመለከትን። ሲኤስ ይወድቃል። ከጥቂት ማይክሮሰከንድ በኋላ፣ አንድም ቢት ሳይላክ፣ ክሎኩ ብቻውን ይነሣል። ያ ጠርዝ ማንም ያልላከው ጠርዝ ነው።

የመጣው ከነዚህ ሁለት መስመሮች ቅደም ተከተል ነው።

```cpp
digitalWrite(CS_RTD, LOW);
SPI.beginTransaction(SPISettings(1000000, MSBFIRST, SPI_MODE3));
```

ካርዱ ከጻፈ በኋላ መስመሩ በሞድ 0 ነው፣ ክሎኩ ዝቅ ብሎ አርፏል። የመጀመሪያው መስመር ቺፑን በዚያ ሁኔታ ይጠራዋል። ማክስ31865 ፖላሪቲውን የሚያውቀው ሲኤስ ሲወድቅ ክሎኩ የት እንዳለ አይቶ ነው። ዝቅ ብሎ ስላገኘው በሞድ 1 እንደሚነጋገር ወሰነ። ከዚያ ሁለተኛው መስመር ሞድ 3ን ሲያስገባ ክሎኩ ወደ አዲሱ የእረፍት ቦታው ተነሣ፣ ቺፑ ግን ይህን እንደ ጨዋታው መጀመሪያ ቆጠረው። ከዚህ በኋላ ቦርዱ ክሎኩ ሲነሣ እንዲነበብለት ያስቀምጣል፣ ቺፑ ክሎኩ ሲወድቅ ያነባል። ቦርዱ አዲሱን ቢት የሚያወጣው በዚያው ሲወድቅ ስለሆነ ቺፑ የሚይዘው ሁልጊዜ ከዚያ በፊት የነበረውን ነው።

የመጀመሪያው «ከዚያ በፊት የነበረ» ቢት ደግሞ ከካርዱ ጋር ስንነጋገር ሞሲ ላይ የቀረው ነው። አናላይዘሩ ላይ ሞሲ ከፍ ብሎ ቀርቶ ነበር፣ ማለትም 1። እንግዲህ እንዲህ ሆነ።

```
የላክነው    0000 0001   0000 0000
ቺፑ የሰማው  1000 0000   1000 0000
```

በዚህ ቺፕ ላይ አድራሻ `0x80` ማለት «በማስተካከያው ሬጅስተር ላይ ጻፍ» ነው። የሚጻፈው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው `0x80` ነው። እኛ «ሙቀቱን አንብብልኝ» ስንል እሱ የሰማው «መለካትህን አቁም» የሚል ትእዛዝ ነበር። ሦስተኛው ባይት ለማንበብ ብቻ በሆነ ሬጅስተር ላይ ስላረፈ ጉዳት አላደረሰም። በዚያ ዙር ቺፑ ራሱን ተቀባይ ስላደረገ ምንም አልመለሰም፣ ልጁ ያየውና የጣለው ዜሮ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ንባቦች ክሎኩ አስቀድሞ በሞድ 3 ቦታው ላይ ስለቆየላቸው ያለ እንከን ሄዱ፣ ግን የሚያነቡት የሞተ ቁጥር ነበር። ሳጥኑ ቢጠፋና ቢበራ ኖሮ ቺፑ እንደገና ተስተካክሎ አንድ አዲስ ልኬት ይሰጥ ነበር። ባትሪው ግን መብራት በሄደበት ሰዓት ሁሉ ነቅቶ አቆየው።

የተስተካከለው

ቅደም ተከተሉ ሞድ፣ ከዚያ ሲኤስ ዝቅ፣ ከዚያ ባይቶቹ፣ ከዚያ ሲኤስ ከፍ፣ በመጨረሻ ማሰናበት ነው። ክሎኩ መንቀሳቀስ ካለበት ማንም በማይሰማበት ሰዓት ይንቀሳቀስ።

```cpp
SPI.beginTransaction(SPISettings(1000000, MSBFIRST, SPI_MODE1));
digitalWrite(CS_RTD, LOW);
SPI.transfer(0x01);
uint8_t hi = SPI.transfer(0x00);
uint8_t lo = SPI.transfer(0x00);
digitalWrite(CS_RTD, HIGH);
SPI.endTransaction();
```

ሞዱንም ከ3 ወደ 1 መለስነው። ቅደም ተከተሉ ከተስተካከለ ሞድ 3ም ይሠራል። ነገር ግን ካርዱ በሞድ 0፣ ቺፑ በሞድ 1 ሲሆኑ ሁለቱም ዝቅ ብሎ በሚያርፍ ክሎክ ይስማማሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሻገር ክሎኩ ጨርሶ አይነቃነቅም። ምርጫ በሚኖርበት ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ያሉትን ሁሉ በአንድ የእረፍት ደረጃ ላይ ማሰባሰብን እመርጣለሁ። ነገ ሌላ ሰው ፕሮግራሙን ነክቶ ሁለቱን መስመሮች ቢያገለባብጥ እንኳ ሐሰተኛ ጠርዝ አይወለድም።

የመጀመሪያውን ንባብ የሚጥለውን መስመር አጠፋነው። በሁለቱም ሲኤስ ሽቦዎች ላይ ወደ 3.3 ቮልት የሚስብ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ጨመርን፣ ምክንያቱም ቦርዱ ሲነሣ ፕሮግራሙ እግሮቹን እስኪይዝ ድረስ ሲኤሶቹ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፣ ያኔ ቺፑና ካርዱ አንድ ላይ የተጠሩ ሊመስላቸው ይችላል።

ስለ ካርዱ አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ ሳጥን ባይጎዳንም። ኤስዲ ካርድ ሲኤሱ ከፍ ሲል ሚሶን ወዲያው አይለቅም፣ ለመልቀቅ ክሎክ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲኤሱን ከፍ ካደረጉ በኋላ አንድ ባይት `0xFF` መላክ ልማድ ነው። እኛ ጋ የማክስ31865 የመጀመሪያ ባይት አድራሻ ነው፣ መልስ አይጠበቅበትም፣ ስምንቱ ክሎኮች ካርዱን አስለቅቀው መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያልፋሉ። አድራሻ የማይቀበል፣ ሲኤስ እንደወደቀ ወዲያው መናገር የሚጀምር ቺፕ (ማክስ6675 እንዲህ ነው) በዚሁ መስመር ላይ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ቢቶቹ ካርዱ ከያዘው ሽቦ ጋር ይጋጩ ነበር።

መዝገቡ ላይ አሁን ከጥሬው ቁጥር ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምረናል፦ በእያንዳንዱ መስመር መልሶ የተነበበው ማስተካከያ ሬጅስተር። ሳጥኑን መልሰን ከገጠምን በኋላ መብራት እንደገና ሄደ። ካርዱን አምጥተን ከባለቤቷ ጋር ተቀምጠን ስናየው ሙቀቱ ከ3.8 ተነሥቶ ቀስ እያለ እስከ 9.6 ወጥቶ ኮምፕረሰሩ ሲነሣ መልሶ ወረደ፣ ጥሬው ቁጥር ከመስመር መስመር ሲንቀጠቀጥ ይታያል፣ የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች `0xD1` ነው። እሳቸው የወተቱን ሰዓት ከ9.6ቱ መስመር አጠገብ በእስክርቢቶ ጻፉ።